የአንድ ደቂቃ የስፖንሰር ክፍል ዋጋ፦ እይታው፣ ተመልካቹና የፈቃዱ ዕድሜ ለየብቻ ሲሰሉ

ጉዳዩ የአንድ የዩቲዩብ ቻናልና የአንድ መሣሪያ አምራች ነው፤ የሁለቱም ስም እዚህ አልተጠቀሰም። ቻናሉ ያረጁ የእንጨት ዕቃዎችን መጠገን ያስተምራል። 210,000 ተከታይ አለው፤ በወር ሁለት ረጃጅም ቪዲዮ ያወጣል፣ በመሃል አጫጭር ቪዲዮዎችንም ይለጥፋል። አምራቹ በራሱ ድረ ገጽ የሚሸጠው የባትሪ ድሪል በአንድ ረጅም ቪዲዮ ውስጥ ከ60 እስከ 75 ሰከንድ ያህል እንዲተዋወቅለት ጠየቀ፤ 2,000 ዶላር እከፍላለሁ አለ። የቻናሉ አዘጋጅ ልትጠይቅ ያሰበችው 1,500 ዶላር ስለነበር ዋጋው ጥሩ መሰላት።

ከዋጋው ጋር በመጣው የውል ረቂቅ ውስጥ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። አንደኛው አምራቹ ቪዲዮውን ወይም ማናቸውንም ክፍሉን በሁሉም ሚዲያ፣ የሚከፈልበት ማስታወቂያ አድርጎም ጭምር፣ ያለ ጊዜ ገደብ ሊጠቀምበት ይችላል ይላል። ሁለተኛው አዘጋጇ ለስድስት ወር የሌላ መሣሪያ አምራች እንዳታስተዋውቅ ይከለክላል። ስለዚህ 2,000 ዶላሩ የአንድ ነገር ዋጋ አልነበረም። በቻናሉ ላይ የሚነገረው አንድ ደቂቃ፣ ያንን ደቂቃ ቆርጦ ሌላ ቦታ የማሠራት ፈቃድ፣ ከተፎካካሪ የመራቅ ግዴታ፤ ሦስቱ በአንድ ቁጥር ተጠቅልለው ቀርበዋል። የዋጋ አወጣጡ ሥራ የጀመረው ጥቅሉን በመፍታት ነው።

የትኛው አማካይ?

በመጀመሪያ የሚፈለገው ቁጥር አዲሱ ቪዲዮ ምን ያህል ይታያል የሚለው ነው። የተከታይ ብዛት ለዚህ አይረዳም፤ 210,000 ሰው ቻናሉን ስለተከተለ 210,000 ሰው ቪዲዮውን ይከፍታል ማለት አይደለም። የተወሰዱት የመጨረሻዎቹ 12 ረጃጅም ቪዲዮዎች ናቸው። የእያንዳንዳቸውም እይታ ከወጡበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ያገኙት ብቻ ነው። ይህ ገደብ ካልተደረገ የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው ቪዲዮ ከባለፈው ወሩ ጋር ይነጻጸራል፤ አማካዩም ሳይገባው ያብጣል።

በሺህ ተቆጥሮ ውጤቱ እንዲህ ነበር፦ 29፣ 31፣ 24፣ 214፣ 33፣ 27፣ 36፣ 22፣ 38፣ 30፣ 26፣ 42። ሁሉም ተደምሮ ለ12 ሲካፈል 46,000 ይመጣል፤ አዘጋጇ በመጀመሪያ የያዘችውም ይህንን ነው። ዝርዝሩን የሚያይ ሰው ግን 46,000 የደረሰ ቪዲዮ ከአንዱ በስተቀር እንደሌለ ወዲያው ያስተውላል። 214,000 ያገኘው ቪዲዮ ያለ ልማዱ የተዛመተ ነው፤ ቀጣዩ ቪዲዮ እንደሱ ይሆናል ብሎ ማስከፈል አይቻልም። ቁጥሮቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚቀመጡት 30 እና 31 ናቸው፤ የመሃሉ ዋጋ 30,500 ማለት ነው። ያፈነገጠው ቪዲዮ ወጥቶ የ11ዱ አማካይ ሲሰላም 30,700 ይሆናል። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ስላደረሱ 30,000 ተያዘ።

አምራቹ በበኩሉ ከቻናሉ ገጽ አጫጭሮቹንም ጨምሮ የሠራው ሌላ አማካይ ነበረው። አጫጭር ቪዲዮዎች እዚህ ስሌት ውስጥ መግባት የለባቸውም። ዩቲዩብ ከመጋቢት 2025 መጨረሻ ጀምሮ አጭር ቪዲዮ መጫወት በጀመረ ወይም በተደገመ ቁጥር እይታ ብሎ ይቆጥራል፤ የተመለከተው ሰው ምን ያህል እንደቆየ አይጠይቅም። በረጅም ቪዲዮ ውስጥ አንድ ደቂቃ ማብራሪያ ለሚገዛ ድርጅት ያ ቁጥር ምንም አይነግረውም።

ሌላው መታየት የነበረበት የቆይታ ግራፉ ነው። የስፖንሰር ክፍሉን የሚያየው ቪዲዮውን የከፈተ ሰው ሁሉ ሳይሆን እዚያ ደቂቃ ድረስ የቆየው ነው። በዚህ ቻናል ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከከፈቱት መካከል 61 በመቶው ይቀራል፤ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ 38 በመቶው። አምራቹ ክፍሉ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ውስጥ እንዲገባ ፈልጎ ነበር። ይህ ብዙ ሰው ያገኛል ተብሎ የሚጠየቅ የተለመደ ጥያቄ ነው፤ ጉዳቱ ግን ተመልካቹ ቪዲዮው ስለምን እንደሆነ ሳይገባው ማስታወቂያ ሲመጣበት ጥሎ መሄዱ ነው። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ አዘጋጇ የወንበሩን የተሰበረ እግር ለመብሳት ድሪሉን በምታነሳበት ቦታ እንዲሆን ተስማሙ።

ተመልካቹ ለዕቃው ይስማማል ወይ?

አምራቹ ዕቃውን የሚልከው ወደ አምስት አገሮች ብቻ ነው። ከእነዚያ ውጭ ያለ ተመልካች ድሪሉን ቢወደውም ሊገዛው አይችልም። የቻናሉ የአገር ስርጭት በጥቅሉ ሲታይ ከእይታው 52 በመቶው ከአምስቱ አገሮች ነበር፤ አምራቹም ዋጋ ለማስቀነስ ይህንን ቁጥር አነሳ። አዘጋጇ ግን ስርጭቱን በ11ዱ ቪዲዮዎች ብቻ ለይታ አወጣች፤ ቁጥሩ 64 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ የመጣው ከዚያው ከተዛመተው ቪዲዮ ነው፤ በብዛት የታየው ከአምስቱ ውጭ ባሉ አገሮች ነበር። አማካዩን ሲያበላሽ የነበረ ቪዲዮ የአገር ስርጭቱንም ያበላሻል፤ ከአንዱ አውጥቶ ከሌላው መተው ስሌቱን ያዛባል። ከ30,000 እይታ 64 በመቶው 19,200 ነው።

አገር መስማማት አንድ ነገር ነው፤ የመግዛት ፍላጎት ሌላ። ለዚህ ግምት አያስፈልግም ነበር፣ ማስረጃ ስለነበረ። ባለፈው ዓመት በሦስት ቪዲዮዎች ሥር ወደ ተመሳሳይ የእጅ መሣሪያ የሚወስድ የኮሚሽን ሊንክ ተቀምጧል። ሦስቱ በድምሩ 92,000 ጊዜ ታይተዋል፤ 1,480 ሰው ሊንኩን ተጭኗል፤ 74 ትእዛዝ ተመዝግቧል። ይህ ወደ 30,000 እይታ ሲመለስ 24 ትእዛዝ ያህል ነው። ያ ግን ማንም ሳይናገርለት በመግለጫው ውስጥ የተቀመጠ ሊንክ ብቻ ነው። በሌላ ቪዲዮ አንድ የእንጨት ኮላ አምራች በንግግር ተዋውቆ ነበር፤ በ28,000 እይታ በቅናሽ ኮዱ 41 ሰው ገዝቷል። ኮላ ርካሽ ነው፤ ድሪል ለመግዛት ሰው የበለጠ ያስባል። ስለዚህ ለዚህ ዕቃ በንግግር የሚጠበቀው ትእዛዝ ከ24 በላይ፣ ከ41 በታች ነው።

ቀጥሎ ለአምራቹ አንድ ጥያቄ ቀረበለት፦ አንድ አዲስ ገዢ ለማግኘት እስከ ስንት ዶላር ታወጣላችሁ? ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ አይጠየቅም፤ መልስ አይሰጡም ተብሎ ይታሰባል። የማርኬቲንግ ክፍሎች ግን ይህን ቁጥር ይዘውት ነው የሚውሉት፤ ደግሞም ትርፋቸውን ስለማይገልጥ ለመናገር አይቸገሩም። መልሱ 40 ዶላር ነበር። በ24 ትእዛዝ 960፣ በ41 ደግሞ 1,640 ዶላር ማለት ነው። ክፍሉ ለአምራቹ የሚያወጣው ዋጋ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ይገኛል።

አምራቹ በሺህ እይታ 25 ዶላር ብሎ ነበር ስሌቱን የጀመረው፤ በ30,000 እይታ 750 ይመጣል። የቀረውን 1,250 ዶላር ለምን እንደጨመረ ሲታሰብ ፈቃዱንና ክልከላውን በስንት እንደገመተ ይገባል። ከአዘጋጇ በኩል የቀረበው ሊገዙ ለሚችሉት 19,200 እይታዎች በሺህ 70 ዶላር ነው፤ 1,344 ስለሚመጣ 1,350 ተባለ። ይኸው ዋጋ በጠቅላላው 30,000 ላይ ሲታይ በሺህ 45 ዶላር ነው። ሁለቱ አገላለጾች አንድ ገንዘብ ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ለምን 25 እንዳልሆነ ያስረዳል፣ የማይገዛውን ተመልካች ከስሌቱ አስቀድሞ አውጥቶታልና።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት በቀላሉ ይፈጠራል። አምራቹ 64 በመቶ ብቻ ስለሚስማማ ከ1,350 ላይ እንደገና 36 በመቶ ይቀነስ አለ። የሊንኩ 74 ትእዛዝና የኮላው 41 ግን ዓለምን ሁሉ ከያዘው እይታ ውስጥ የመጡ ናቸው፤ መግዛት ያልቻለው ሰው በውስጣቸው አስቀድሞ ተቀንሷል። በሺህ እይታ የተሠራው 70 ዶላርም የሚቆጥረው የሚገዙትን ብቻ ነው። አንድን ጉድለት ሁለት ጊዜ መቀነስ ይሆናል። ይህ በጽሑፍ ተብራርቶ ሲላክ አምራቹ 1,350ን ተቀበለ።

የፈቃዱ ዕድሜ

አሁን ያለ ጊዜ ገደብ የሚለው ሐረግ ይመጣል። ከ2,000 ዶላሩ ላይ 1,350 ሲቀነስ 650 ይቀራል። የአዘጋጇን ፊትና ድምፅ ድሪሉ ገበያ ላይ እስካለ ድረስ፣ ከጠፋም በኋላ፣ በማስታወቂያ የማሠራት መብት ከስድስት ወር ክልከላ ጋር በ650 ዶላር እየተሸጠ ነበር። መነሻ ዋጋው ጥሩ የመሰለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጊዜ ለምን ዋጋ አለው? የስፖንሰር ክፍሉ በቻናሉ ላይ ሲቀመጥ የሚያየው ያንን ቪዲዮ የመረጠ ሰው ነው። የሚከፈልበት ማስታወቂያ ሲሆን ግን አምራቹ ገንዘብ በጨመረ ቁጥር ያልመረጡትም ያዩታል፤ ፊቷ ከድሪሉ ጋር ይያያዛል። ሌላ የድሪል አምራች በየገጹ የተፎካካሪውን ማስታወቂያ የምትሠራ ሴት እያየ አይቀጥራትም። የድሪሉ ሞዴል ሊቀየር፣ ባትሪው ሊቀነስ፣ ዋስትናው ሊያጥር ይችላል፤ በማስታወቂያው ላይ ግን ያኔ ያለችው ቃል ይቀጥላል። አምራቹም ከዚህ የሚያገኘው አለ፦ ተዋናይ፣ ካሜራና ቦታ ከፍሎ ማስታወቂያ ከመቅረጽ ይድናል። በራሱ አንድ ቪዲዮ ማስቀረጽ 3,000 ዶላር ያህል እንደሚያስወጣው በድርድሩ ተናግሯል።

ስለዚህ ፈቃዱ በሦስት ተከፈለ። በአምራቹ የራሱ ገጾች ላይ ሳይከፈልበት መለጠፍ ለ90 ቀን በነጻ ተሰጠ፤ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴ ለቻናሉም ተመልካች ያመጣል። በገንዘብ የሚገፋ ማስታወቂያ ማድረግ በየ30 ቀኑ ከመሠረታዊው ዋጋ 30 በመቶ፣ ማለትም 405 ዶላር ሆነ። ቴሌቪዥን፣ የሱቅ ስክሪንና የዕቃ መያዣ ካርቶን ደግሞ ከፈቃዱ ውጭ ቀሩ፤ ሁሉም ሚዲያ የሚለው ሐረግ እነዚህንም ይጨምር ነበር።

30 በመቶ ሕግ አይደለም። ከመሠረታዊው ዋጋ ላይ በመቶኛ በወር ማስከፈል ግን በሥራው የተለመደ መንገድ ነው፤ ቁጥሩ ልክ መሆኑ የሚፈተነው አምራቹ በራሱ ቢቀርጽ ከሚያወጣው ጋር በማነጻጸር ነው። ሦስት ወር 1,215 ዶላር ነው፤ ከ3,000 በታች ስለሆነ አምራቹ መግዛት ያዋጣዋል። በዚህ ሂሳብ ስምንተኛው ወር ሲጀምር 3,000 ይታለፋል። ያኔ የራሱን መቅረጽ ስለሚሻለው ከዚያ በላይ የሚረዝም ፈቃድ በዚህ ዋጋ የሚገዛ አይኖርም፤ በርካሽ መስጠት ደግሞ ለአዘጋጇ ኪሳራ ነው። ገደብ የለሽ ፈቃድ ያልተሸጠው ለዚህ ነው።

ክልከላው ከስድስት ወር ወደ 45 ቀን፣ ከመሣሪያ ሁሉ ደግሞ ወደ ባትሪ ድሪል ብቻ ጠበበ፤ 150 ዶላር ተጠየቀበት። በዓመት ሁለት እንዲህ ያለ ጥያቄ ብቻ ለሚመጣለት ቻናል ከዚያ በላይ መሟገት አያስፈልግም ነበር።

ለሦስት ወር ማስታወቂያ ድምሩ 1,350 ሲደመር 1,215 ሲደመር 150፣ 2,715 ዶላር ሆነ። አምራቹ ከ2,000 በላይ በጀት የለኝም አለ። ብዙዎች እዚህ ቦታ ዋጋውን ወደ 2,000 ያወርዱና ፈቃዱን እንዳለ ይተዉታል፤ ያ ማለት ቀጣዩ ድርድር ከወረደው ዋጋ ይጀምራል። እዚህ የተቀነሰው ዋጋው ሳይሆን የሚሰጠው ነገር ነው፦ ማስታወቂያው ለሦስት ወር መሆኑ ቀርቶ ለ30 ቀን ሆነ። 1,350፣ 405 እና 150 ሲደመሩ 1,905 ዶላር ነው። አምራቹ ከፈለገ በዚያው 405 ዶላር እንዲያድስ ተጻፈ፤ ጥያቄው ከማለቂያው ሰባት ቀን በፊት በኢሜይል መድረስ ነበረበት። ግማሹ ክፍያ ሲፈረም፣ ግማሹ ቪዲዮው ከወጣ በ30 ቀን ውስጥ ተባለ።

በሥራው መሃል የተበላሹት

የመጀመሪያው የሰዓቱ መነሻ ነው። ረቂቁ 30 ቀኑ ቪዲዮው ከወጣበት ቀን ይቆጠራል ይል ነበር። አምራቹ ማስታወቂያውን ለመቁረጥ 18 ቀን ፈጀበት፤ በዚያ አቆጣጠር ከከፈለበት ጊዜ ከግማሹ በላይ ባክኖ ይቀር ነበር። ከመፈረሙ በፊት የተቀየረው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ “የማስታወቂያ ፈቃዱ 30 ቀን የሚጀምረው ማስታወቂያው ለመጀመሪያ ጊዜ በተሠራጨበት ቀን ነው፤ ሆኖም ቪዲዮው ከወጣ ከ45 ቀን በላይ ሊዘገይ አይችልም።” ሁለተኛው ሐረግ ባይኖር አምራቹ ፈቃዱን ከዓመት በኋላ ሊያስጀምረው ይችል ነበር።

ሁለተኛው ሙዚቃው ነው፤ ይህን አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ከንግግሯ ሥር የነበረው ሙዚቃ የተከራየው ለቻናሉ ብቻ ነበር። በሌላ ድርጅት ማስታወቂያ ላይ ሲገባ ፈቃዱ አይሸፍነውም፤ አምራቹ ሊከሰስበት ወይም ማስታወቂያው ሊዘጋበት ይችላል። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ስለታወቀ ክፍሉ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ጽሑፍና ያለ ቻናሉ አርማ እንደገና ወጥቶ ተላከ። ሥራው ከባድ አይደለም፣ የኤዲቲንግ ፋይሉ ካልጠፋ። የስፖንሰር ክፍል ሲቀናበር ድምፁና ሙዚቃው በተለያየ ትራክ ቢቀመጡና ንጹሑ ቅጂ በዚያው ዕለት ቢወጣ ይህ ችግር አይፈጠርም።

ሦስተኛው አቆራረጡ ነው። በቪዲዮው ላይ አዘጋጇ ድሪሉ ለለስላሳ እንጨት በአንድ ቻርጅ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ለጠንካራ እንጨት ግን ትርፍ ባትሪ ያስፈልጋል ብላለች። የመጀመሪያው ቁራጭ ቀኑን ሙሉ ይሠራል የሚለውን ብቻ አስቀርቶ መጣ። ውሉ እያንዳንዱ ቁራጭ ከመሠራጨቱ በፊት እንዲታይ፣ መልሱም በሁለት የሥራ ቀን እንዲሰጥ ስለሚያዝ ተመለሰ፤ አራት ሰከንድ ተጨምሮ ሙሉው ሐሳብ ገባ። ይህ አንቀጽ በሌለበት ውል ያላለችው ነገር በስሟ ይነገር ነበር።

አራተኛው የማለቂያው ቀን ነው። ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ማስታወቂያው ለስድስት ቀን መታየቱን ቀጠለ። ተንኮል አልነበረበትም፤ ዘመቻውን የከፈተው ባለሙያ የማብቂያ ቀን ሳያስገባ ትቶታል። የተገኘው የፌስቡክና የኢንስታግራም ማስታወቂያዎችን በሚያሳየው፣ ማንም ሰው በነጻ በሚከፍተው በ Meta Ad Library ላይ ነው፤ በአምራቹ ስም ሲፈለግ በሥራ ላይ ያሉት ማስታወቂያዎች የተጀመሩበትን ቀን ይዘው ይወጣሉ። የጎግልና የዩቲዩብ ማስታወቂያዎችን በ Google Ads Transparency Center ማየት ይቻላል። ውሉ ለሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን የቀኑን ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ያስከፍላል፦ 405 ለ30 ሲካፈል 13.50፣ በአንድ ተኩል 20.25፣ በስድስት ቀን 121.50 ዶላር። ደረሰኙ ተላከ፤ ያለ ክርክር ተከፈለ። አምራቹም ማስታወቂያው እየሠራለት መሆኑን አይቶ በዚያው ሳምንት ለተጨማሪ ሁለት ወር 810 ዶላር ከፈለ። መጀመሪያ በጀት የለኝም ያለበት 2,715 ዶላር በመጨረሻ ተከፈለ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ውጤቱን ካየ በኋላ መክፈሉ ነው።

ቁጥሮቹ ምን አሉ?

ቪዲዮው በ30 ቀን 27,400 ጊዜ ታየ፤ ከተገመተው 2,600 ያነሰ። በውሉ ላይ የእይታ ዋስትና አልነበረም፣ ወለል ግን ነበር፦ ከ24,000 በታች ከሆነ በቀጣዩ ቪዲዮ መግለጫ ላይ ሊንኩ ከላይ ይቀመጣል፣ አንድ ዓረፍተ ነገርም ይነገርለታል። እይታው እስከዚያ አልወረደም። ገንዘብ መመለስን እንደ ዋስትና መስጠት የሚመከር አይደለም፤ እይታን የሚወስነው የቪዲዮው ርእስና ጊዜው ጭምር ነው፣ አምራቹም ርእሱን አይቶ አጽድቋል።

በቅናሽ ኮዱ 29 ትእዛዝ መጣ። በ40 ዶላር ሲባዛ 1,160 ነው፤ ከመሠረታዊው 1,350 በታች። በ60 ቀን ትእዛዙ 35 ደረሰ፣ 1,400 ሆነ። የድሪል ገዢ አይቶ፣ ሄዶ፣ ከሌላ ጋር አነጻጽሮ ይመለሳል፤ የኮላ ገዢ በዚያው ዕለት ይገዛል። የቅናሽ ኮዱ ግን በ30 ቀን እንዲያበቃ ነበር የታሰበው፣ በአዘጋጇ ጥያቄ ነው የተራዘመው። በመጀመሪያው ገደብ ቢዘጋ ኖሮ የአምራቹ ሪፖርት ክፍሉን አክሳሪ ብሎ ይመዘግበው ነበር፣ ቀጣዩ የዋጋ ድርድርም ከዚያ ይጀምር ነበር።

ለሁለተኛው ዕቃ፣ ለአንድ የእንጨት ማለስለሻ ማሽን፣ አምራቹ ተመልሶ ሲመጣ ስሌቱ በሁለት ቦታ ተስተካከለ። የሚጠበቀው ትእዛዝ የተወሰደው ከኮላው ሳይሆን ከድሪሉ 35 ነው፤ ኮዱም ለ90 ቀን ክፍት እንዲሆን በውሉ ገባ። የማስታወቂያ ፈቃዱ 30 በመቶ በየ30 ቀኑ እንዳለ ቀረ።